ከአሮጌው ቦርድ የተለቀቀው ላይሰንስ

እንጅባራ ውስጥ፣ ነባሮቹ አሁንም ቆሰበር በሚሏት ከተማ፣ ከእኔ በፊት የኮምፒውተር ሆድ ከፍቶ ያየ ሰው ስለመኖሩ አላውቅም። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ሬዲዮ መጠገን የተማርኩት ሬዲዮ በማበላሸት ነው፤ ኮምፒውተሩንም በዚያው መንገድ ለመድኩት። ከኮሌጅ የመጡ ልጆች የተውትን ማሽን ስንት ጊዜ አስነስቻለሁ! ይህን የምናገረው ልመካ ብዬ ብቻ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ኢንተርኔት ኮምፒውተር ላይ በሚሰካ ዶንግል እየለቃቀምን በምንጠቀምበት ዘመን፣ አንዲት የሕንፃ ንድፍ የምትሠራ ሴት ከዳንግላ ኮምፒውተሯን በሚኒባስ ጭና መጣች።

«ጋሼ፣ አሥር ደቂቃ ይሠራና ድርግም ይላል» አለችኝ።

ከፍቼ አየሁት። ማዘርቦርዱ ላይ ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያቀብለው ክፍል በሙቀት ጠቁሯል። ቢጠጋገንም የሚዘልቅ አልነበረም። ከባሕር ዳር ተመሳሳይ ቦርድ አስመጣሁና በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ቀየርኩት። ፕሮሰሰሩን፣ ሜሞሪውንና ዲስኩን ወደ አዲሱ አዛወርኩ፤ ማሽኑ ተነሳ። እኔ ደግሞ ልማድ አለኝ፤ የሞተ ቦርድ ጠረጴዛዬ ላይ አያድርም። ደህና የሆኑትን ሦስት ኃይል የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች ወዲያው ነቅዬ ሳህን ላይ አስቀመጥኳቸው።

ሰባት ሰዓት ላይ መጣች። ማሽኑን ስታየው ፊቷ በራ። የንድፍ ፕሮግራሟን ከፈተችና ፈገግታዋ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ላይሰንሱ፣ የፕሮግራሙ ፈቃድ፣ የሌላ ኮምፒውተር ነው ይላል።»

«የላይሰንሱን ቁልፍ ቁጥር እንደገና ጻፊው፤ ምንም አይደል።»

ጻፈችው። የተፈቀደው የማሽን ቁጥር ሞልቷል አለ። እኔ ራሴ ተቀምጬ ጻፍኩት። ያው ነው። ሦስተኛ ልሞክር ስል እጄን ያዘችኝ።

«ጋሼ፣ ይተዉት! ጭራሽ ይዘጋብናል።»

እስከዚያ ቀን ድረስ እጄን የያዘኝ ደንበኛ የለም። ተቆጥቼ ቀና ስል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ነገሩን ያኔ ነገረችኝ። ንድፉ የሚሠራለት ቦታ የእናቷ ነው፤ ዳንግላ ውስጥ። ማዘጋጃ ቤቱ የታረመውን ንድፍ ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት እንድታስገባ ነግሯታል፤ ካለፈ የግንባታ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ቦታውም ይነጠቃል። የቀሯት ሁለት ገጾች ናቸው።

«በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ብትጨርሺውስ?»

«ከተማው ውስጥ ያለው ፕሮግራም ሁሉ አሮጌ ነው፤ የእኔን ፋይል አይከፍተውም። ሞክሬዋለሁ።»

ፕሮግራሙን የሸጠላት ድርጅት አዲስ አበባ ነው። ደወለችና ስልኩን እኔም እንድሰማ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። አንድ ወጣት አነሳው።

«ማዘርቦርድ ቀይራችኋል?» አለ፣ ገና ነገሩን ሳንጨርስ።

«አዎ» አልኩት። «ዲስኩ ግን ያው ነው! ፕሮግራሙም ያው! ምን ተለወጠና?»

«አባቴ፣ ፕሮግራሙ ማሽኑን የሚለየው በማዘርቦርዱ መለያና በኔትወርክ ካርዱ ቁጥር ነው። ካርዱ ደግሞ እዚያው ቦርዱ ላይ ነው ያለው። ሁለቱም ሲቀየሩ የአምራቹ ሰርቨር ሌላ ኮምፒውተር ነው ይላል። ላይሰንሱ ለአንድ ማሽን ነው፤ እሱም አሁን በአሮጌው ስም ተይዟል።»

«ታዲያ ከአሮጌው ላይ አንሱልን!»

«እኛ ማንሳት አንችልም። የግዢ ደረሰኝና ቦርዱ መበላሸቱን የሚያሳይ ፎቶ ላኩልንና ውጭ ላለው አምራች እንጽፋለን። ሁለት ሦስት የሥራ ቀን ይፈጃል።»

«ነገ ስድስት ሰዓት ነው የምፈልገው፣ ወንድሜ!» አለች።

ወጣቱ ሌላ መላ አመጣ። «አሮጌው ቦርድ ጨርሶ ሞቷል ወይስ ይነሳል? ከተነሳ መልሳችሁ ግጠሙት። ዲስኩ ላይ ያለው ምዝገባ ከቦርዱ ጋር ስለሚስማማ ፕሮግራሙ ይከፈታል። ከዚያ እገዛ የሚለው ሥር ገብታችሁ ላይሰንሱን ልቀቅ በሉት። ኢንተርኔት ግን ግድ ነው። ሰርቨሩ መለቀቁን ከመዘገበ በዚያው ቁልፍ አዲሱ ላይ ትገባላችሁ። መጀመሪያውኑ ሳትነቅሉት ብትለቁት ይህ ሁሉ ባልመጣ።»

«ይነሳል! አሥር ደቂቃ ይሠራል!» አለች ወደ እኔ ዞራ።

እኔ ሳህኑን እያየሁ ነበር። እሷም ዓይኔን ተከትላ አየችው።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የቦርድሽ ነው» አልኳት።

አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ «መልሰው ይብየዱት» ብቻ አለች።

ሥራ እንደ እኔ ለሚያውቅ ሰው እንኳ ይህ ቀላል አይደለም። ማዘርቦርድ ሙቀት ይጠጣል፤ ብየዳው በቀላሉ አይቀልጥም፤ ሙቀቱ ከበዛ ደግሞ ቀዳዳው ዙሪያ ያለው መዳብ ተልጦ ይቀራል። የአንዱ ካፓሲተር እግር አጥሮ ነበር፤ በቀጭን ሽቦ ቀጠልኩት። የተደፈኑትን ቀዳዳዎች በስፌት መርፌ ከፈትኳቸው። የመቀነስ ምልክት ያለበትን ጎን ሁለት ጊዜ አየሁ፤ ተገልብጦ ከገባ ይፈነዳል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው መርፌውን ሲያውሰኝ «ደግሞ ኮምፒውተር መስፋት ጀመርክ?» አለ። ሌላ ቀን ቢሆን አልምረውም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ፕሮሰሰሩን፣ ሜሞሪውንና ዲስኩን መልሼ ገጠምኩና አበራሁት። ተነሳ! ዶንግሉ ላይ ኔትወርክ የለም። እሷ በረዥም ገመድ ቀጥላ መስኮቱ ጋ ወስዳ ከፍ አድርጋ ያዘችው። የዶንግሉ መብራት ሊረጋ ሲል ማሽኑ ድርግም አለ። በአገውኛ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

«አሁንስ?» አለች።

«ይቀዝቅዝ።»

ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። የጠረጴዛ ማራገቢያዬን የጠቆረው ክፍል ላይ ደገንኩ። ይህን መጽሐፍ አልነገረኝም፤ ከራሴ ጭንቅላት ነው። በዚህኛው ዙር ኔትወርኩን ሳንይዝ ማሽኑን አላበራም ብዬ ዶንግሉን ቀድሜ በሌላ ኮምፒውተር ሞከርኩት። ጥሩ ቦታው መስኮቱ ሳይሆን የበሩ ጉበን ነበር። እዚያ ሥር ቆማ፣ ወደ ስክሪኑ ዞራ ከፍ አድርጋ ያዘችው።

አበራሁ። ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ጥያቄ ተከፈተ፤ ቦርዱን አውቆታል። እገዛ፣ ከዚያ ላይሰንስ፣ ከዚያ ልቀቅ። እርግጠኛ ነህ ወይ አለኝ። ክቡ መዞር ጀመረ። ዞረ፣ ዞረ። ጣቴን ወደ ቦርዱ ሳስጠጋ ሙቀቱ ይፋጃል።

«እጅዎን ያንሱ፣ ጋሼ!»

ቀና ስል አንድ ጽሑፍ ብቅ አለና ሳላነበው ማሽኑ ጠፋ።

«አየሽው? ምን ይላል?»

«ተለቋል የሚል መሰለኝ።»

«መሰለኝ ምን ያደርግልናል!»

ከዚያ ወዲያ ያን ቦርድ ሦስተኛ ላበራው አልደፈርኩም። ሁሉንም ነቅዬ ወደ አዲሱ ስመልስ እያንዳንዱን ሶኬት ሁለት ሁለት ጊዜ አየሁ፤ እኔ! ፕሮሰሰሩን ሳስቀምጥ ትንፋሼን ይዤ ነው። ማሽኑ ተነሳ፤ ቁልፉን እሷ ጻፈች። ያው ክብ መዞር ያዘ።

ተቀበለው።

እሷ ስቃ አልቅሳ ኮምፒውተሯን በአንሶላ ጠቀለለች፤ ባጃጅ ጠርቼላት የመጨረሻዎቹ ሚኒባሶች ሳይወጡ ደረሰች። በማግስቱ አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ተቀበሉኝ። ማህተሙንም መቱልኝ።»

«ነግሬሽ የለ! እኔ ጋ የመጣ ማሽን...»

«ነግረውኛል» አለች። «ግን ሌላ ሰው ሲመጣ ቦርዱን ከመንቀልዎ በፊት ላይሰንስ ያለው ፕሮግራም አለህ ወይ ብለው ይጠይቁ። ቃል ይግቡልኝ።»

እኔን ቃል የሚያስገባ ሰው የለም። ለእሷ ግን ገባሁላት።