የቬርና ዜሮ

ቬርና ስቶፕካ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ድልድይ ስትቀጠቅጥ የኖረች ሴት ናት። ሥራዋ ይኸው ነበር። ቦቲዋን ታጠልቃለች፣ መዶሻዋን ይዛ ከድልድይ ሥር ትገባለች፣ አርማታውን መታ መታ አድርጋ ታዳምጣለች። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ከውስጥ የተላቀቀው ባዶ ሣጥን የተመታ ይመስላል። ባዶውን በጠመኔ ታከብበዋለች፣ ቁጥሩን ትጠራልኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሌኒ እባላለሁ፤ አሥራ አራት ዓመት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ስለ ቬርና ማንም ተነስቶ ሲያወራ ደስ አይለኝም። በተለይ ያን ጊዜ ድልድይ አዘጋች ብሎ እሷን ሲሰድብ የነበረ ሰው ዛሬ ሲያሞግሳት አንጀቴ ቅጥል ይላል።

አጭር ናት፣ ጉልበቷ ያማታል፣ ሐሙስ ሐሙስ ቦውሊንግ ትጫወታለች፣ ስትሸነፍ ለሁለት ቀን አታናግርም። ምሳዋን ድልድይ ሥር ተቀምጣ ነው የምትበላው። እላይ መኪናው ሲያልፍ ማኘኳን ታቆማለች። «ምን ሆንሽ?» ስላት «እየሰማሁ ነው፤ አንተ ብላ» ትለኛለች።

በኛ ግዛት ስለ አንድ ጉድለት ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ ምን ያህል ከፍቷል፣ ምን ያህልስ ይታገሣል። ሁለተኛው በቁጥር ይጻፋል። አምስት ከሆነ ሲመቻችሁ ሥሩት ማለት ነው። ሁለት ከሆነ በሚቀጥለው የሥራ ወቅት ይገባል። አንድ ማለት ስድስት ወር ነው። ዜሮ ማለት ሰባት ቀን ነው፤ ዜሮ የሰጠ መርማሪ ደግሞ ከቦታው ሳይነቃነቅ ለድልድዩ ባለቤት ይደውላል። ቬርና የሐክል ወንዝ ድልድይ እስከተዘጋበት ጥቅምት ድረስ ዜሮ የሰጠችው አራት ጊዜ ብቻ ነበር። እጇ በዜሮ የሚፈጥን ሴት አልነበረችም።

የሐክል ወንዝ ድልድይ በ1931 የተሠራ፣ ስድስት የአርማታ ቢሞች ከግንብ ግንብ ተጋድመው የተሸከሙት ሽማግሌ ነው። በየሁለት ዓመቱ እናየዋለን። አምስተኛው ቢም መሃሉ ላይ አርማታው ረግፎ ፌሮው ገጦ ወጥቷል፤ የመንደሩ ሰው ፎቶ እያነሳ የሚያስፈራራበት እሱ ነው። ቬርና ዝገቱን ፍቃ ፌሮውን ለካችና «ሁለት» አለችኝ። ቀጥላ መሰላሏን ወደ ሦስተኛው ቢም ወሰደች፤ ከምሥራቁ ግንብ አጠገብ፣ ከላይ ያለው መጋጠሚያ ውሃ የሚያፈስበት ቦታ። ውሃው ከአርማታው ያወጣውን ነጭ ኖራ በሽቦ ብሩሽ ስትፈትግ ቆየችና ብሩሹን ኪሷ ከተተች።

«ሌኒ፣ የስንጥቅ መለኪያውን ስጠኝ።»

ሰጠኋት። ቢሙ ግንቡ ላይ ከሚያርፍበት የተነሳ ስንጥቅ ነው፤ ወደ መሃል እያጋደለ ሰያፍ ሽቅብ ይወጣል። ቢም መሃሉ ላይ ቀጥ ብሎ ፀጉር ፀጉር የሚያህል ቢሰነጠቅ የአርማታ ጠባይ ነው፤ ያን ያህል አያስደነግጥም። እግሩ ሥር በሰያፍ ሲሰነጠቅ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ሲሄድ ሳያስጠነቅቅ በአንዴ ይሄዳል።

«ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?» አለችኝ ባትሪዋን አብርታ።

አንጋጥጬ አየሁት። ስንጥቁ ያኔ ያለቀበት ቦታ ላይ በጥቁር ቀለም አጭር መስመርና ቀን ተጽፏል። ከሁለት ዓመት በፊት ያለ ቀን ነው። ስንጥቁ መስመሩን አልፎ ወደ ላይ ክንድ ሊሞላ ሄዷል።

«ያንቺ ነው» አልኳት።

«ያኔ ምን ብዬ ነበር?»

የድሮውን ሪፖርት ፈልጌ አነበብኩላት። «‹የመድረቅ ስንጥቅ፣ ፀጉር የሚያህል። አራት።›»

«አራት!» አለች። «ደንቆሮ! እግሩ ሥር ያለውን ሰያፍ የመድረቅ ብዬ!»

«ያኔ ዝናብ ነበር፣ ቬርና። ኖራውም ሸፍኖት…»

«ቁጥሩን የጻፈው ዝናቡ ነው? ዝም በል፣ ጻፍ። ዜሮ።»

ከመሰላሉ ሳትወርድ ለድልድዩ ባለቤት ለካውንቲው አስተዳደር ደወለች። በሁለት ሰዓት ውስጥ ብርቱካናማ በርሜል ተደርድሮ መንገዱ ተዘጋ። ይህ ግን ለጊዜው ነው፤ ሪፖርቱ ተፈርሞ እስኪገባ። ፊርማው ዓርብ ይጠበቅ ነበር። ዓርብ ዜሮው አንድ ሆኖ ከገባ በርሜሉ ሰኞ ይነሳል።

ሐሙስ ጠዋት አለቃችን ክሬግ መጣ። ክሬግ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈገግታው ከሸሚዙ ጋር አብሮ የሚተኮስ ሰው ነው። ስልኩ ለሁለት ቀን ፋታ አልሰጠውም ነበር፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ እየደወለ የሚጮኸው እሱ ላይ ነው።

«ቬርና፣ ዜሮውን አንድ አድርጊውና ‹ክትትል ይደረግ› በይበት» አላት። «የጭነት ስሌቱ እንኳን ገና አልተሠራም።»

«ስሌቱ እስኪሠራ ማንም አይሂድበት።»

«እኔ እኮ ለራስሽ ነው የማስበው። ከሁለት ዓመት በፊት አራት ብለሻል። አሁን ዜሮ ስትይ ሰው ምን ይላል? የቱ ነው ልክ ያልሆነው፣ አራትሽ ወይስ ዜሮሽ?»

«አራቴ» አለች ቬርና። ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረችለት። ክፍሉ ውስጥ ስለነበርኩ አብሬ አነበብኩት። ከስንጥቁ ፎቶ ሥር እንዲህ ይላል፦ «ይህ ስንጥቅ ባለፈው ምርመራ የመድረቅ ተብሎ አራት ተሰጥቶታል። ያ ደረጃ ስህተት ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው፦ ቬርና ስቶፕካ፣ ዋና መርማሪ።»

ክሬግ ፊቱ ተለዋወጠ። «አብደሻል? በገዛ እጅሽ የመርማሪነት ፈቃድሽን አሳልፈሽ እየሰጠሽ እኮ ነው!»

«ፈቃዴ ነዋ። ያንተን አልሰጠሁብህ።»

«ከምር ቬርና፣ አንዲት ቁጥር ናት።»

«አንዲት ቁጥር ከሆነች አንተ ቀይራት። የመርማሪው ቁጥር ካልተዋጠለት ገምጋሚው ይቀይረዋል፤ አንተ ነህ ገምጋሚው። ከጎኑ ስምህን፣ ቀኑንና ምክንያትህን ትሞላለህ። ቦታው ባዶ ነው፣ ና ተቀመጥ።» ብላ ከወንበሯ ተነሳችለት።

ክሬግ ወንበሩን አየው። እኔንም አየኝ፤ የማየው ነገር እንደሌለ ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። አልተቀመጠም። ሪፖርቱ ዓርብ ከነዜሮው፣ ከነስህተቷ ገባ። ክሬግም በሳምንቱ ቬርናን ከሜዳ ሥራ አንስቶ ፋይል እንድታደራጅ ቢሮ አስቀመጣት።

ሪፖርቱ በገባ ማግስት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ፒሮጊ የሚሉት ድንች የተሞላበት ሊጥ እየተጠበሰ ነው፣ ግን የሚበላ የለም፤ ሁሉም ሊጮህ ነው የመጣው። ከሁሉ የጮኸው ሩዲ ፓስኮ ነው፣ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሹፌር። ድልድዩ ሲዘጋ ሃያ ሰባት ማይል ዙሪያ መንገድ ተጨምሮበታል፤ ልጆቹ ሳይነጋ ነው የሚነሱት።

«ያ ፌሮው ገጦ የወጣው፣ እንኳን ሰው ውሻ የሚደነግጥበት፣ እሱን ሁለት ብለሽ፣ ይሄን ክር የሚያህል ጭረት ዜሮ?» አለ ሩዲ። «እመቤቴ፣ መነጽርሽን ነው ጭንቅላትሽን የምናስመረምርልሽ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቬርና ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ያኛው አስቀያሚ ነው» አለች። «ለክተነዋል፤ ከፌሮው አሥር እጅ ዘጠኙ አለ። አስቀያሚ ሁሉ የሚወድቅ ቢሆን ኖሮ፣ ሩዲ፣ አንተ አሁን ቆመህ አታወራም ነበር።»

አሁን ሰው የሳቀው በሩዲ ነው። ሩዲ ግን የሚበገር አይደለም። «ይወድቃል ብለሽ ትምያለሽ?»

«አልምልም። ይቆማል ብሎ የሚምል ካለ እጁን ያውጣ።»

ማንም አላወጣም። ያኔ ቁጭ ብትል ኖሮ አሸንፋ ነበር። እሷ ግን ሪፖርቱን አወጣችና ስለ ራሷ የጻፈችውን አነበበችላቸው። እጇን ልይዛት ምንም አልቀረኝ። አዳራሹ እንደ ጉድ ጮኸ። «ታዲያ አንቺን ለምን እናምናለን?» አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

«እንዳታምኑኝ ነው የጻፍኩት» አለች ቬርና። «የኔ ዓይን አንዴ አሳስቶኛል። ስለዚህ በዓይን የሚያበቃ ነገር አይደለም። ቢሙን ደግፉት፣ አርማታውን ክፈቱት፣ ውስጡ ያለውን ቀጭን ፌሮ፣ ስታፋውን እዩ። ደህና ሆኖ ከተገኘ እዚሁ መጥታችሁ ፈቃዴን እቀዱ፤ እኔ ራሴ መቀስ አመጣለሁ።»

እንዲህ ያለ ቃል ከተናገሩ በኋላ ማፈግፈግ የለም። አዳራሹ እየተነጫነጨ ተበተነ። በማግስቱ ሰው ቬርና ግቢ በር ላይ «ሃያ ሰባት ማይል» የሚል ካርቶን ተክሎ ሄደ። እሷ አላነሳችውም። ጎረቤቷ ሊያነሳላት ሲመጣ «ተወው፣ ቁጥሩ ልክ ነው» አለችው።

በኅዳር ካውንቲው የብረት ድጋፍ አስገብቶ፣ ቢሙን በክሪክ አሸክሞ፣ ስንጥቁ ያለበትን አርማታ አስፈለፈለ። ቬርና የዕረፍት ቀኗን ወስዳ መጣች፤ እኔም አብሬያት። ሩዲ አውቶቡሱን ከበርሜሉ ወዲያ አቁሞ ሲመጣ አየሁት፤ የሚሳለቅበት ነገር ፍለጋ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

ስታፋ ማለት ቢሙ በሰያፍ እንዳይገነጠል አቅፎ የሚይዘው ቀጭን ፌሮ ነው። ስንጥቁን የሚያቋርጡት ስታፋዎች አራት ነበሩ። ከመጋጠሚያው የሚፈሰው ውሃና በክረምት መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ሦስቱን በልቶ በጥሷቸዋል፤ ሁለት ጫፋቸው ተራርቆ ይታያል። አራተኛው ስፒል አክሏል። የሚፈለፍለው ሠራተኛ ማሽኑን አጥፍቶ አንዴ ወደ ላይ፣ ወደ ድልድዩ ወለል፣ አንዴ ወደ እኛ አየ።

ሩዲ ባርኔጣውን አወለቀ። የተበጠሱትን አንድ በአንድ አየ። «ልክ ነበርሽ» አላት።

እኔ አሥራ አራት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ይመስለኝ ነበር። ደስ ሊለኝ ሲል ፊቷን አየሁ፤ ምንም ደስታ የለበትም።

«ስንት ልጅ ነው የምታመላልሰው?» አለችው።

«ሠላሳ ስምንት።»

«በቀን ስንቴ?»

«ሁለቴ። ጠዋትና ከሰዓት።»

«ሁለት ዓመት?»

ሩዲ መቁጠር እንደጀመረ ከንፈሩ ይናገራል።

«ልክ አልነበርኩም» አለች ቬርና። «ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆቹን የነዳሃቸው በኔ አራት ላይ ነው። እንዳታመሰግነኝ።»