የልብስ ሰፊዋ የጠፋ ስልክ

ልብስ ሰፊዋን በደንብ አውቃታለሁ የሚል ሰው በሰፈሩ አይገኝም። ይህን የሚያወራውም ከሰፈሩ ሰው የተሻለ አያውቃትም። የሚታወቀው ከውጭ የሚታየው ነው። ወገብ ስትለካ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ጨርቅ ስትቆርጥ ሰው አታናግርም፤ እንዴት ነሽ ሲሏት "ደህና" ብላ ወደ ማሽኗ ትዞራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ያቺው "ደህና" እንኳ ቀጥናለች። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሴቶች እንባዋን ሲጠብቁ ውለው፣ እሷ ግን ድንዝዝ ብላ የአንዷን የተተረተረ ጠርዝ ስታይ ነበር አሉ። ክፋት አልነበረም። ዓይኗ የሚያርፍበት አጥቶ ነው።

ባልና ሚስቱ ስልካቸውን የገዙት በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ አንድ ዓይነት ጥቁር ስልክ ነው። ያዘጋጃቸው ባል ነው። ኢሜይል የነበረው እሱ ብቻ ስለሆነ በሁለቱም ላይ የራሱኑ ከፈተ። "በአንድ ጣሪያ ስር ለምንኖር ሰዎች ሁለት ኢሜይል ምን ያደርጋል?" ብሎ ሳቀ። ስልክ ሲጠፋ መፈለጊያውን አበራ፤ ቦታ ማሳያውንም አበራ፤ መክፈቻ ቁጥርም አበጀላት። ቁጥሩን ግን እሷ አነሳችው። ጣቶቿ ዘወትር ጠመኔ ናቸው፤ በአንድ እጇ የደንበኛ ትከሻ ይዛ በሌላው ቁጥር መነካካት አልሆነላትም። ስልኩ ማንም ሲነካው ወለል ብሎ የሚከፈት ሆነ።

በዚያ ስልክ ውስጥ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው የደንበኞቿ ፎቶ ነው። ልብሱ ገና በመርፌ ተያይዞ ሳለ ከፊት ከኋላ ታነሳቸዋለች፣ ሲሄዱ ስህተቱን ከፎቶው ላይ ለማየት። ከመካከላቸው የአንዲት መምህርት ፎቶ ነበር። መምህርቷ በሕመም ምክንያት አንድ ጡቷን በቀዶ ሕክምና ያጣች ሴት ናት። ይህን ከሐኪሞቿ ሌላ የምታውቀው ሰፊዋ ብቻ ናት። ቀሚሱ በደረቷ ላይ እንዲስተካከል ያለ ልብስ መነሳት ነበረባት። "ከአንቺ ስልክ አይወጣም አይደል?" አለቻት። "አይወጣም" አለች ሰፊዋ።

ሁለተኛው የባሏ ድምፅ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት፣ ከማሽኑ ጀርባ ካለው አልጋ ላይ ሆኖ፣ እሷ ስትሰፋ ስልኳን ተቀብሎ ይቀዳላት ነበር። ትልቅ ነገር አልነበረም። "የማሽኑ ቀበቶ ላልቷል፣ አስጠብቂው።" "ያቺ ባለ ረጅም አንገቷ ሴትዮ ዛሬም አልመጣችም፣ አልኩሽ።" እንዲህ እንዲህ ያለ። ከሞተ በኋላ አንዴም አልከፈተችውም። ከመንገዱ ማዶ ስልክ የሚጠግነው፣ ሰፈሩ "ዶክተር" የሚለው ሰው፣ "እትዬ፣ ወደ ሌላ ቦታ ልገልብጥልዎት" ሲላት "ነገ" ትለዋለች። ነገ ሲመጣም "ነገ" ትላለች። ፎቶም ድምፅም የትም አልተቀመጠም፤ ሁሉም እዚያው ስልክ ላይ ነበር።

ስልኩ የጠፋው ጨርቅ መደብር ውስጥ ነው። የሐሩን ውፍረት በሁለት እጇ ለማየት ብላ ስልኩን ከጥቅል ጨርቆቹ ላይ አኖረችው። ዞር ብላ ስታይ የለም። ባለመደብሩ በራሱ ስልክ ደወለላት፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳም። አመስግናው ወጣች። የመጣችበትን ሐር ሳትገዛ መቅረቷን እንኳ ያስተዋለችው ቤቷ ስትደርስ ነው።

ዶክተር ሱቅ ስትገባ የባሏ እህት ቀድማት ደርሳ ነበር፤ ስልኳ ላይ ደጋግማ ደውላ ምላሽ ብታጣ ደንግጣ መጥታ ቤቷ ስላጣቻት እዚህ ገብታለች።

"ቁልፍ ነበረው?" አለ ዶክተር።

"አልነበረውም።"

"መፈለጊያውስ በርቷል?"

"እሱ አብርቶት ነበር።"

"ኢሜይሉ የማን ነው?"

"የሱ።"

"የይለፍ ቃሉን እኔ አውቀዋለሁ" አለች የባሏ እህት። "ወንድም ጋሼ ለሁሉ ነገር አንድ ቃል ነው የሚጠቀመው። ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ!" ካለች በኋላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ስለ ወንድሟ እንዳለ ሰው ማውራቷን ሰማችው።

ዶክተር በኮምፒውተሩ ሊገባ ሲሞክር፣ የሚገባው ሰው ባለቤቱ መሆኑን በባለቤቱ ስልክ ላይ አረጋግጡ የሚል ጽሑፍ መጣ። የሟቹ ስልክ ሊያስፈልግ ነው። ሰፊዋ ወደ ቤት ሄዳ ከቁም ሳጥን፣ ከኮቱ ኪስ አወጣችው። የሆነ የደንበኛ ዕቃ እንደምታቀብል አድርጋ ሰጠችው። ቻርጅ ተደረገ፤ በሱቁ ዋይፋይ ተገናኘ፤ በእሱ ላይ "አዎ፣ እኔ ነኝ" የሚለውን እሷው ነካችው።

ካርታው ተከፈተ። ከጎኑ ሁለት ስልኮች ተደርድረዋል፤ ስማቸው አንድ፣ ሥዕላቸው አንድ።

"ይኸውላችሁ ጉዱ" አለ ዶክተር ራሱን እያከከ። "መንትያ ናቸው። አንዱ ቦታው አይታየኝም፣ አንዱ ከወንዙ ማዶ ነው ይላል።"

"እንግዲህ የማዶው ነዋ!" አለች የባሏ እህት። "ምን ያስጨንቅሃል?"

"እህቴ፣ ኋላ ስልኩ ላይ ያለውን ልንደመስስ እንችላለን። በግምት አይደመሰስም። አስጮኸዋለሁ።"

የመጀመሪያውን ነካ። ጠረጴዛው ላይ የተኛው የሟች ስልክ፣ ድምፁ ተዘግቶ የኖረው፣ ሙሉ ድምፁን ለቆ ጮኸ። የባሏ እህት ከወንበሯ ተነሳች፤ እንደገና ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ሰፊዋ ስልኩን አየችው። ጫፉ ላይ ተጣብቆ የቀረ ነጭ ክር ነበር። ክሩን በጥፍሯ አነሳችው።

"ይሄ የሱ ነው" አለች።

"እንግዲያው ያኛው የእርስዎ ነው።" ዶክተር ጩኸቱን አቆመና ወደ ሁለተኛው ሄደ። የማዶው ነጥብ ያገለገሉ ስልኮች የሚሸጡበት ሕንጻ ላይ ነበር። ካርታው ሕንጻውን ያሳያል እንጂ የትኛው ፎቅ፣ የትኛው ሱቅ እንደሆነ አይናገርም። እዚያም አስጮኸው፤ ወዲያው ሰው ዝም አሰኘው። ዶክተር ጊዜ ሳያጠፋ ከሩቅ ቆለፈው፤ አዲስ መክፈቻ ቁጥር ሰጠው፤ ስክሪኑ ላይም "ይህ ስልክ ጠፍቶ ነው፣ እባክዎ ይደውሉ" የሚል ጽሑፍና የሱቁን ቁጥር አኖረበት።

"አሁን ተዘጋ። እስካሁን ግን ክፍት ነበር፤ ምን እንዳዩ አላውቅም።"

ብዙ ሳይቆይ የሱቁ ስልክ ጠራ። ዶክተር ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ አነሳው።

"ሃሎ! የስልኩ ባለቤት ነህ?" አለ የወንድ ድምፅ፣ ቀልጠፍ ያለ።

"ወንድሟ ነኝ" አለ ዶክተር።

"ወንድሜ፣ እኔ በሰላም ገዝቼ ነው። ልመልስላችሁ ፈልጌ ነበር። መክፈቻ ቁጥሩን ብቻ ንገሩኝ፣ ከፍቼ ላረጋግጥ፣ ከዚያ አመጣዋለሁ።"

"ለመመለስ ቁጥር ምን ያደርግልሃል? እንደተዘጋ አምጣው፤ ሻይ እጋብዝሃለሁ።"

"ሻይህን ጠጣ!" ሰውየው ሳቀ። "ለነገሩ ጎበዝ ሰፊ ናት። ደንበኞቿም ቆንጆ ቆንጆ ናቸው። አንዷ ግን… ምነው እንዲህ ሆነች ምስኪን?" ዘጋው።



"ፖሊስ እንሂድ" አለች የባሏ እህት። "አሁን! ሕንጻው ይታወቃል አይደል?"

"እንሂድ ማለት ይቻላል" አለ ዶክተር ቀስ ብሎ። "እስክንደርስ ያጠፉታል። ሲጠፋ የመደምሰሻ ትእዛዛችን ስልኩ እስኪበራ ድረስ ይጠብቃል። አሁን ግን በርቷል፤ ኢንተርኔትም አለው። ቁልፉ ይይዛል ብዬ አስባለሁ፤ አልምልልዎትም ግን፤ እዚያ ሕንጻ ያሉት ሰዎች እጃቸው ረጅም ነው። ቀድመው የገለበጡት ካለ ደግሞ ያንን ማንም አይመልሰውም። ከደመሰስነው ስልኩ ላይ ያለው በሙሉ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በካርታም አናየውም። የሚያገኘውም ያለዚህ ኢሜይል አይሠራበትም።"

"ድምፁስ?" አለች የባሏ እህት። ነጠላዋን ከፊቷ አውርዳ ሰፊዋን ትኩር ብላ አየቻት። "እታለም፣ የወንድም ጋሼ ድምፅ? እኔ እንኳ አልሰማሁትም እኮ! ነገ አሰማሻለሁ እያልሽኝ…"

"አዎ" አለች ሰፊዋ።

"አንድ ቀን ብቻ እንታገሥ። ምናለበት? ምናልባት ይመልሰው ይሆናል።"

"መምህርቷን አይቷታል።"

"አይቷታል እንግዲህ! አሁን ቢደመሰስ ካየ ዓይኑ ይወጣል?"

ሰፊዋ ወደ ስክሪኑ ቀረበች፤ ከሁለቱ አንድ ዓይነት ስሞች የታችኛውን በጣቷ አሳየች። ጣቷ ላይ ጠመኔ ነበር፤ መስታወቱ ላይ ነጭ ነጥብ ቀረ።

"ይሄኛው ነው አይደል?"

"ይሄኛው ነው።"

"ደምስሰው።"

ዶክተር እጁን አላነሳም። "እትዬ፣ አንዴ ከሄደ…"

"ሰምቻለሁ።"

ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃሉን እንደገና ጠየቀ። የባሏ እህት ፊቷን አዙራ ቃሉን ፊደል በፊደል ነገረችው፤ እያለቀሰች ነበር። ዶክተር ጻፈ፤ ነካው። ትንሽ ቆይቶ ከማዶ የነበረው ነጥብ ጠፋ። ሰፊዋ ቆማ አየችው። ከዚያ ሐሩን ሳትገዛ መቅረቷን ነገረቻቸው፤ መደብሩ ሳይዘጋ መድረስ አለብኝ ብላ ወጣች።

የሟቹን ስልክ አሁን እሷ ይዛዋለች። ዶክተር በራሷ ስም ኢሜይል ከፈተላት፤ መፈለጊያውን አብርቶ፣ በኮምፒውተሩ አስጩሆ አሳያት፤ ለመክፈቻው ቁጥር ራሷ መረጠች። ጠመኔ ይሁን አይሁን አሁን ትነካዋለች።

መምህርቷ ቀሚሷን ልትወስድ በመጣች ቀን ሰፊዋ መጋረጃውን ሳበችና የሆነውን ሁሉ፣ ሰውየው የተናገረውንም ሳይቀር፣ ነገረቻት። የባሏ ድምፅ አብሮ መጥፋቱን የነገረቻት ግን የባሏ እህት ናት፤ በር ላይ ተገናኝተው።

መምህርቷ ወደ መስታወቱ ዞረች። ቀሚሱ በደረቷ ላይ ልክ ሆኖላት ነበር።

"ሰው አይቶኛል ማለት ነው" አለች።

"አይቶሻል። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"ያ ሁሉ የባልሽ ድምፅ… ለእኔ ብለሽ ነው?"

ሰፊዋ ተንበርክካ የቀሚሱን ጫፍ አስተካከለች።

"እሱን ተይው እህቴ" አለች። "ቀጥ ብለሽ ቁሚልኝ፣ በግራ በኩል ትንሽ ረዝሟል።"