የነገሳ አራት ኮንደንሰሮች

ሰበታ ላይ ራዲዮ የሚጠግን ሰው ነገሳ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ እኔ ከጎኑ ልብስ እሰፋ ነበር። እንደሱ ያለ ጥንቁቅ፣ እንደሱም ያለ ነዝናዛ አላየሁም። ከአዲስ አበባ የገዛው ዕቃ ካጠራጠረው፣ ሳይጽፍና ፎቶ ሳያስነሳ ለሻጩ አይመልስም። ከማን ሱቅ እንደገዛው፣ መቼ፣ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር፣ ምን እንደሆነ ይጽፋል። ከዚያ ዕቃውን ከደረሰኙ ጎን ያስቀምጥና ቁጥሩ እንዲነበብ አድርጎ ያስነሳዋል።

«ለሠርግህ እንኳ ይህን ያህል ፎቶ አልተነሳህም» እለዋለሁ።

«የሻጩን አፍ የሚዘጋልኝ ይኼ ነው» ይለኛል።

አንድ ክረምት የኦቦ ባይሳ ቤት ተቃጠለ። ነገሳ የጠገነላቸው ራዲዮ ግሎ መጋረጃውን አቀጣጠለው። ከአልጋ የማይነሱት እናታቸው ውስጥ ነበሩ፤ የደረሰላቸው የለም። ኦቦ ባይሳ የነገሳን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሱ ሰው ናቸው። ከቀብር በኋላ ነገሳን ጠርተው፣ «ጥፋቱ ያንተ ከሆነ ንገረኝ፤ ካልሆነም አሳየኝ» አሉት።

ነገሳ ለራዲዮው ኮንደንሰር የቀየረው ከአዲስ ካርቶን አውጥቶ ነበር። ኮንደንሰር ኤሌክትሪኩን የሚያጣራ ትንሽ ቆርቆሮ ነው፤ ከተበላሸ ሌላውን ዕቃ ሁሉ ያግላል። ከካርቶኑ የቀሩትን አራቱን በተራ ኤሌክትሪክ ሰጣቸው። አናታቸው አበጠ፣ ጎናቸው ፈሰሰ። በዓይኔ አይቻለሁ። እንደ ልማዱ ጻፈ፤ ፎቶ አንሺው አሥራትም መጥቶ አነሳቸው።

ነገሩ ሲነገረው ሻጩ ግን ተጣደፈ። «ዕቃውን ዛሬውኑ ስጠን፤ ለፋብሪካው ልከን ጥፋቱን በጽሑፍ እናመጣልሃለን» አለ። ፎቶው ገና አልታጠበም። ነገሳ ሌላ ጊዜ ቢሆን ፎቶውን ሳያይ ዕቃ ከእጁ አያወጣም፤ አንዱንም ለራሱ ያስቀር ነበር። ያን ቀን ግን ኀዘኑ አእምሮውን ነሳው መሰለኝ፣ አራቱንም ሰጠ። ሻጩም ቆይቶ «የተቀበልነው ደህና ዕቃ ነው» አለ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሥራት ፎቶውን ይዞ የመጣው፣ ኦቦ ባይሳ ከእሳቱ በተረፈችው ማድ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሳለ ነው። ነገሳም እኔም ነበርን። ፎቶውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ደረሰኙ ይነበባል፣ ቁጥሩ ይነበባል። የኮንደንሰሮቹ አናት ግን ልሙጥ፣ ጎናቸውም ንጹሕ ነው።

«ደህና ናቸው'ኮ» አሉ።

ነገሳ ጎንበስ ብሎ ፎቶውን አየና ወደ አሥራት ዞረ። «አሥራት፣ እብጠቱስ?»

«አስተካከልኩልህ!» አለ አሥራት ደስ ብሎት። «ነጋቲቩን በምላጭ ፍቄ፣ በእርሳስ ነካክቼ። ለሙሽራ እንኳ እንዲህ አልደከምኩም። ለትልቅ ሰው የሚታይ ነው ብለኸኝ አስቀያሚ አድርጌ ላምጣልህ?»

ልመታው ተነስቼ ነበር። ምን ያደርጋል!

«ኦቦ ባይሳ፣ አብጠው ነበር» አለ ነገሳ።

«እኔም አይቻለሁ» አልኩ።

«አንተ ጓደኛው ነህ» አሉኝ። ወደ አሥራትም ጠቆሙ። «ይኼ ሰው እብጠት ማጥፋት ከቻለ፣ ያበጠ ቢያመጣልኝ ኖሮስ በምን አምነው ነበር?»

«በልጄ እምላለሁ ኦቦ፣ በልጄ!»

ኦቦ ባይሳ ፎቶውን መለሱለት። «እሷን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ከእንግዲህ ስሟን እዚህ ደጅ አታንሳብኝ።»