የዘርአብሩክ ምሳ ዕቃ

የካቲት ሰባ አንድ ነበር? ሣህሊቱ የካቲት ነው ትላለች። ግን በዚያ ሳምንት ዝግኒ ይመጣ እንደነበር ደግሞ ትናገራለች፤ የካቲት ከሆነ ጾሙ ገብቷል፣ ሥጋ ከየት መጣ? ጥር ይሆናል። ምናልባትም ሰባ ሁለት። ብቻ ብርድ ነበር፤ ወጡ እስር ቤቱ በር ላይ እስኪደርስ ይረጋ ነበር።

የጎዳይፍ ሰፈር ልጅ ናት። የምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ ሲዘጋ፣ ከትግርኛዋ ሌላ አማርኛም በትምህርት ቤት ስለተማረች እስር ቤት በር ላይ በፈታሽነት ተቀጠረች። ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ቤተሰብ ይሰለፋል። በየምሳ ዕቃው ክዳን ላይ የእስረኛው ስምና የክፍል ቁጥር በፕላስተር ተለጥፏል። ሣህሊቱ ስሙን ከዝርዝሩ ታመሳክራለች፤ እንጀራውን እጥፋት በእጥፋት ትገልጣለች፤ ወጡን በማንኪያ እስከ ታች ታማስላለች፤ ዳቦውን ትቆርሳለች፤ ያመጣችውን ሴት አንድ ጊዜ ታቀምሳለች። የልብስ ስፌት በጣቶቿ ትዳብሳለች፤ ወረቀት የሚደበቀው ኮሌታ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ባዶው ዕቃ ሲመለስ ደግሞ ሥሩን ታያለች፤ በምስማር የተጫረ ፊደል እንዳይኖር።

እሷንም የሚያይ አለ። አስር አለቃ ደጉ ከኋላዋ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከማን ጋር ስንት ቃል እንደተነጋገረች ይይዛል። ማታ ስትወጣ የእሷም ቦርሳ ይፈተሻል። ቅዳሜ በሂስና ግለሂስ ስብሰባ ተነስታ በሳምንቱ ያጠፋችውን ትናገራለች። የምትናገረው ስታጣ አንድ ሁለቴ አርፍጃለሁ ብላ ዋሽታለች።

አንድ ሰኞ ጧት ዝርዝሩ ላይ ዘርአብሩክ የሚባል እስረኛ ስም በቀይ ተሰርዞ አገኘችው። ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ ቀይ ምን እንደሆነ በሩ ላይ የሚሠራ ሁሉ ያውቃል። አስር አለቃው ትእዛዙን እንደ ሰላምታ ነገራት፤ ስምንት ቀን ምግቡን እንደወትሮው መቀበል። የብዙ ሰው ሞት በአንድ ቀን ከተነገረ በር ላይ ለቅሶ ይነሳል፤ ደግሞም በነዚያ ቀናት ከእናትየው ጋር ማን ማን እንደሚመጣ ይታያል።

እናትየው ኣረጋሽ ከገጀረት ሰፈር በእግሯ ነው የምትመጣው። ሣህሊቱ ገለጠች፣ አማሰለች፣ አቀመሰች። ምግቡን ጠባቂዎቹ በሉት። ደጉ እጁን እያበሰ፣ «እናታችን ዛሬ በርበሬውን ጨከን ብላበታለች» አለ። ዕቃው ባዶውን ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን ኣረጋሽ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ይሄ ልጅ ከሕፃንነቱ የመጨረሻዋን ጉርሻ ትቶልኝ ነው የሚነሳ። እዚህም ሰባት ወር ሙሉ ትቶልኛል። አሁን ተልሶ ይመጣል። ምን አስቀየምኩት?»

«ርቦት ይሆናላ፣ ኣደይ።»

«እሱ? ሲርበውም ይተዋል።»

በዚያ ቀን ሣህሊቱ ምግቡ ወደ ጠባቂዎቹ ክፍል ከመግባቱ በፊት ከእንጀራው አንድ ጉርሻ የምታህል ቆርሳ ወጥ አስነካቻትና በኪሷ በያዘችው ወረቀት ጠቀለለቻት። ባዶው ዕቃ ሲመለስ ከወረቀቱ ፈትታ ጥጉ ላይ አስቀመጠቻት። ኣረጋሽ ክዳኑን ከፍታ አየችና ዘጋችው። «የቐንየለይ» አለች፤ ምስጋናው ለማን እንደሆነ አልታወቀም። በማግስቱ ዕቃው እስከ አፉ ሞልቶ መጣ። ልጁ ታርቋታልና እንቁላል ጨመረች። አምስት ቀን እንዲህ ሆነ። ሣህሊቱ ቤቷ ገብታ ትበላለች፣ ትተኛለች። ሌላ የተለየ ነገር አልነበረም።

በዘጠነኛው ቀን ዕቃው ሳይከፈት ተመለሰ፤ ከላዩ ላይ የታጠፈ ሹራብና ጫማ ነበር። ሣህሊቱ ማለት ያለባት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

«ከእንግዲህ አያምጡ።»

ኣረጋሽ አልጮኸችም። የምታለቅስ እናት እንደምትታሰር ሰልፉ ሁሉ ያውቃል። ሹራቡን አሸተተችው። ሳሙና እንጂ ላብ አልሸተተም፤ ከታጠበ ቆይቷል፣ ግን አልተለበሰም። ፊቷን አቀናችና ዝግ ብላ ጠየቀች።

«ያቺን ጉርሻ ማን ነበር የሚተውልኝ?»

ደጉ ከበርጩማው ላይ አንገቱን አቀና።

«ቀጣይ» አለች ሣህሊቱ።

ቀጣይዋ ሴት ምሳ ዕቃዋን አስቀመጠች። ሣህሊቱ እንጀራውን መግለጥ ጀመረች።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ መንግሥቱ ከወደቀ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እዳጋ ሓሙስ ፌርማታው አጠገብ ሻሂ እየጠጣች ነው፤ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ። ጉርሻዋን ያስቀመጠችው አዝናላት ነው፣ ወይስ ኣረጋሽ ተጠራጥራ በር ላይ ከጮኸች ቅዳሜ በስብሰባው የራሷ ስም እንዳይነሳ ፈርታ? ልጠይቃት ብርጭቆዬን አስቀመጥሁ። የጎዳይፍ አውቶቡስ መጣ። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተነሳችና ከሰዎቹ ጋር ተጋፍታ ገባች።