ያዘመመው ቱቦ

ዓለምፀሐይ በሳዑዲ አረቢያዋ ጂዛን ከተማ በሚገኝ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ድካም ይሰማኛል ያለችውን የቤት ሠራተኛ የዘነቡን ደም፣ ቀይ ሴሎቹ በምን ፍጥነት እንደሚዘቅጡ ለመለካት በቀጭን ቱቦ አቆመችው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስታየው ቀይ ሴሎቹ ከልክ በላይ ዘቅጠዋል፤ ይህም እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያለ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። የዘነቡ አሠሪ፣ ማዳሟ፣ ውጤቱን ስትሰማ የሠራተኛዋ ሳንባ ታሟል ብላ ፈርታ አባረረቻት።

በማግስቱ ዓለምፀሐይ የቱቦው መያዣ ላልቶ ማዘመሙን አየች። ቱቦ ሲያዘም ሴሎቹ ቶሎ ይዘቅጣሉ። ዘነቡን አፈላልጋ አዲስ ደም ወስዳ፣ ቱቦውን ቀጥ አድርጋ ደገመችው። ውጤቱ የጤነኛ ሰው ሆነ።

ሁለቱም ወደ ማዳም ሄዱ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ዓለምፀሐይ።

«ኸላስ፣ አበቃ፤ ሌላ ሠራተኛ ቀጥሬያለሁ» አለች ማዳም።

መንገድ ላይ ዘነቡ «እህቴ፣ አለመታመሜን ማወቄ ይበቃኛል» አለቻት። ዓለምፀሐይ ግን ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።