ከወለሉ ሥር የጠራው ድምፅ

ታላቅ እህቴ የእማዬን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ስታጭቅ ደረስኩ። «በቃ፣ መጦሪያ ቤት ትግባ» አለችኝ። «ሁለት ቀን ሙሉ መታጠቢያ ቤት ተንበርክካ ከወለል ጋር ስታወራ ነው የከረመችው። ጤነኛ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው?»

እማዬ ከሰማንያ ዓመቷ ሠላሳውን የኖረችው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ቤቷ ውስጥ ነው። ከዚህ ካወጧት እንደማትከርም አውቃለሁ።

እማዬ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። «አንተ እንኳ ስማኝ ልጄ። ሰው ይጠራኛል።»

እኔ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። የዚህን ሕንፃ ቱቦ የዘረጋሁት እኔው ነኝ። መታጠቢያ ቤቶቹ ከላይ እስከ ታች አንዱ በአንዱ ላይ ናቸው፤ የሁሉም ፍሳሽ በአንድ ቋሚ ቱቦ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ስኮራበት የኖርኩት ሥራ ነው።

የወለሉን ፍሳሽ ቀዳዳ ሳሸተው ግማቱ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። እማዬ አንዴ አዳልጧት ከወደቀች ወዲህ ወለሉ ላይ ጠብታ ውሃ አታፈስም። ሽታና ድምፅ የሚያግደው፣ ከቀዳዳው ሥር ጎበጥ ባለው ቱቦ የሚተኛው ውሃ ነው፤ እሱ ደርቋል። ክዳኑን አንስቼ ጆሮዬን ደቀንኩ።

«አለሽ?» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ።

ፀጉሬ ቆመ። እማዬ ግን ዝቅ ብላ «አለሁ የኔ እናት፣ አይዞሽ!» አለችው፤ ጎረቤት እንደምታነጋግር።

ድምፁ የመጣው በዚያው ቋሚ ቱቦ ከሆነ፣ የምትጠራው ከላያችን ናት ወይም ከሥራችን። ላይ ወጥቼ፣ አንደኛ ፎቅም ወርጄ አንኳኳሁ፤ ሁሉም ደህና። የቀረው ሁለተኛ ፎቅ ነው። ከሥራችን የምትኖረው ጡረተኛዋ አስተማሪ ናት። ዘመድ ጥየቃ ከሄደች ሁለት ወር ሆኗታልና ቤቷን ባዶ ነው የምንለው፤ የእሷም ቀዳዳ በዚያው ደርቆ መሆን አለበት።

ከጥበቃው ጋር በሩን ሰብረን ገባን። የጉዞ ሻንጣዋ ሳይፈታ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። የመታጠቢያ ቤቱን በር ስገፋው አራት ጣት ያህል ተከፍቶ የሆነ ለስላሳ ነገር ያዘው። ምን እንደሆነ ገብቶኛል። የሕንፃው ንድፍ ላይ በሩ ወደ ውጭ ይከፈት ነበር የሚለው። የሕንፃው ባለቤት «ኮሪደር ያጠባል» ሲል ወደ ውስጥ ዞረ፤ የሽንት ቤት መቀመጫውን ሊገጨው ምንም አልቀረው። እዚያ የወደቀ ሰው መውደቂያው በሩ ሥር ብቻ ነው። ያን ጊዜ አይቼ «ምን ይመጣል?» ብዬ አለፍኩት፤ ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ!

የበሩን የላይኛውን ግማሽ በመጋዝ ቆርጬ ገባሁ። ዳሌዋ ተሰብሯል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ግን ትተነፍሳለች። የአምቡላንስ ሰዎች በቃሬዛ ሲያወጧት እጄን ያዘችኝ።

«ያቺ ከላይ የምትመልስልኝ ማን ናት? እሷ ባትኖር ተስፋ ቆርጬ ዝም ብል ነበር።»

እህቴ የእማዬን ልብሶች ከሻንጣው አውጥታ ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰች። እኔም በሳምንቱ የአምስቱንም ፎቅ የመታጠቢያ ቤት በሮች ወደ ውጭ አዞርኩ።

እማዬን ግን አንድ ነገር አላሸነፍኳትም። «በየሳምንቱ አንድ ጣሳ ውሃ ቀዳዳው ላይ አፍሺ፣ ግማቱ ይገድልሻል» ብላት አሻፈረኝ አለች።

«ደግሞ ሌላ ሰው ቢጠራኝስ?»