ከሠላሳ አሥራ ስድስት

በዚያ ክረምት የምሄድበት ቤት አልነበረኝም። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ያለውን ቤቷን ወንድሜ አከራይቶታል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሌሎቹ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ካርድ አድለው ወደየአገራቸው ሲበተኑ፣ እኔ በማስተምርባት ትንሽ ከተማ፣ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ቀረሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል። አንዳንድ ቀን ከባለሱቁ ጋር ከተለዋወጥኩት ሰላምታ በቀር ድምፄን ሳልሰማ ይመሻል።

ሂሳብ አስተማሪ ነኝ። በትምህርት ቤታችን የማርክ ሊስቱን መጀመሪያ በኮምፒውተር የሠራሁት እኔ ነበርኩ። በአንድ መስመር አንድ ተማሪ፣ ከስሙ ቀጥሎ አራት ዓምድ፤ የክፍልና የቤት ሥራ ከአሥር፣ የቡድን ሥራ ከአሥር፣ የአጋማሽ ፈተና ከሠላሳ፣ ማጠቃለያ ፈተና ከሃምሳ ይያዛል። የአጋማሹን ፈተና ግን ያወጣሁት ከአርባ ነው፤ ስለዚህ ተማሪው ያገኘውን ለአርባ አካፍሎ በሠላሳ እንዲያባዛው ቀመር ጻፍኩ። መጨረሻው ዓምድ አራቱን ደምሮ ከመቶ ያወጣል። ቀመሩን ከላይኛው መስመር እስከ ታችኛው ስስበው የስልሳ ሁለት ልጆች ውጤት ባንዴ ይሞላል። ሌሎቹ መምህራን ወረቀታቸውን ይዘው ይመጡና ሥሪልን ይሉኝ ነበር። አንዱ ደጋግሞ ሲያመሳክር አይቼ፣ ኮምፒውተር አይሳሳትም ብዬ ቀልጄበታለሁ። ሰው ወደ ጠረጴዛዬ የሚመጣው በዚያ ሰሞን ስለነበር ደስ ይለኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ብቻዬን ከመቀመጥ ይሻላል ብዬ የመምህራን ክፍል ሄጄ መሳቢያዬን አጸዳ ጀመር። ከአሮጌ የፈተና ወረቀቶች መሃል አንድ ነጠላ ወረቀት ወጣ። አናቱ ላይ በራሴ እጅ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ 16/30 ተጽፏል።

የአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበር። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት እናቷ ሞታባት የአጋማሹ ፈተና አምልጧት ነበር። ከለቅሶ ስትመለስ ለብቻዋ አጠር ያለ ማካካሻ ፈተና አውጥቼ፣ ከሠላሳ አርሜ፣ አሥራ ስድስቱን ከሌሎቹ ጋር በአንድ ዓምድ አስገብቼዋለሁ። ቀመሩ ደግሞ ከስንት እንደተፈተነች አያውቅም፤ እንደ ጓደኞቿ ለአርባ አካፈለው። አሥራ ስድስት መሆን የነበረበት አሥራ ሁለት ሆነ።

ቁጭ ብዬ በእጄ ደመርኩት። የክፍልና የቤት ሥራ ስድስት፣ የቡድን ሰባት፣ ማጠቃለያ ሃያ ሁለት። በአሥራ ሁለቱ አርባ ሰባት ይመጣል፤ በአሥራ ስድስቱ ሃምሳ አንድ። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤቷ ልክ ሃምሳ ነበር። የዓመቱ አማካይ አርባ ስምንት ነጥብ አምስት ተብሎ ተመዝግቧል፤ እውነተኛው ሃምሳ ነጥብ አምስት ነው። በእኛ ትምህርት ቤት በሦስት ትምህርት ከሃምሳ በታች ያመጣ ክፍሉን ይደግማል። ልጅቷ በሌላ ሁለት ወድቃ ነበር። ሦስተኛው የእኔ ነው።

ወረቀቱን ይዤ ርዕሰ መምህሩ ቤት ሄድኩ። የዓመቱን ውጤት የያዘው ሮስተር ተፈርሞ ስለተዘጋ ነገሩ እንደማይቀል ነገረኝ። ወረቀቱን ደጋግሞ አገላበጠ፤ ከዚያ ጥፋቱን አምኜ ማመልከቻ እንድጽፍ፣ አሮጌው ቁጥር በአንድ መስመር ተሰርዞ አዲሱ ከጎኑ እንዲጻፍና ሁለታችንም እንድንፈርምበት ወሰነ።

«ማንም አላየውም እኮ» አለኝ ፈርሞ ሲጨርስ። «ዝም ብትይው ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?»

እኔም መንገድ ላይ ይህንኑ አስቤው ስለነበር አፈርኩ።

አዲሱን ካርድ በፕላስቲክ ጠቅልዬ በማግስቱ ወደ ልጅቷ አገር በእግሬ ወጣሁ። ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። አባቷ ጤፍ ሲያርሙ ደረስኩ። መምህርቷ መሆኔን ስነግራቸው እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ጨበጡኝና ወደ ቤት አስገቡኝ። ፍልሰታ ስለሆነ እህል የሚቀመሰው ሲውል መሆኑን እያወቁም፣ እንዳልሄድባቸው፣ ቆይቼ አብሬያቸው እንድቀምስ ለመኑኝ። ቤቱ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ሰው አልነበረም።

የመጣሁበትን አስረዳኋቸው። ካርዱን ተቀብለው ገልበጥ አድርገው አዩት፤ ማንበብ አይችሉም። ልጃቸው መውደቋን ያወቀች ቀን አላለቀሰችም አሉኝ። ከእናቷ ሞት በኋላ ጭንቅላቷ አልሠራ እንዳላት ነግራቸው፣ በሳምንቱ ደብረ ማርቆስ የምትኖር አክስቷ ዳቦ ቤት ውስጥ ልትሠራ ሄደች።

«እኔም እውነት መሰለኝ» አሉ። «ኀዘን ልጄን አደነዘዛት ብዬ እናቷን ነበር የምወቅሳት። ለምን ጥለሻት ሄድሽ እያልኩ።»

ይቅርታ ለመጠየቅ ተነሥቼ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ። ካርዱን ደብረ ማርቆስ ወስጄ ለራሷ እንድሰጣት መለሱልኝ። ሲውል የተቀቀለ ባቄላ አቀረቡልኝ፤ በላሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ከሰው ጋር አንድ ገበታ መቅረቤ እንደሆነ እዚያው ተቀምጬ ለመቁጠር ሞከርኩ፤ ሳልደርስበት ተውኩት።

ልጅቷን ደብረ ማርቆስ ያገኘኋት በሦስተኛው ቀን ነው። ከባንኮኒው ኋላ ቆማ ዳቦ ትሸጣለች። ስታየኝ «ቲቸር» ብላ ደነገጠች፤ ፀጉሯ ላይ ዱቄት ነበር። አክስቷ ፈቅዳላት በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥን። ካርዱን ከመስጠቴ በፊት የእሷን መስመር በወረቀት ጻፍኩላትና ፈተናዋ ከሠላሳ መሆኑን አስታወስኳት። እስክሪብቶውን ተቀብላ ራሷ ሠራችው፤ መጀመሪያ ከአርባ፣ ቀጥሎ ከሠላሳ። ሃምሳ አንድ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ጥያቄው ከሌሎቹ ያነሰ እንደነበር አውቃለሁ» አለች። «ካርዱን ሳይ ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«እርስዎ ኮምፒውተር አይሳሳትም ሲሉ ሰምቻለሁ። ደግሞ ለእኔ ብቻ ብለው ፈተና አውጥተውልኝ… ውለታዎን መካድ እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው።»

ጥፋቱ የእኔ እንጂ የጭንቅላቷ ወይም የኀዘኗ እንዳልሆነ ብቻ ነገርኳት፤ ሁለት ጊዜ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። ደንበኛ ሲመጣ ተነሣች፤ ዳቦውን ሰጥታ ተመለሰች። ልሄድ ስነሣ አምስት ዳቦ በፌስታል አስያዘችኝ፤ ብር አውጥቼ ልከፍል ብሞክርም አልተቀበለችኝም።

መስከረም ላይ ትመለሳለች ብዬ በምዝገባው ሳምንት በየቀኑ ወደ በሩ አይ ነበር። የመጡት አባቷ ናቸው። ወደ አሥረኛ ክፍል ማለፏን ዳቦ ቤቱ አጠገብ ላለው ትምህርት ቤት አሳይታ፣ ማታ ማታ ልትማር ስለተቀበሏት መሸኛ ልውሰድ ብለው ነው። አክስቷ ጋር መኖሩን ወደደችው አሉኝ፤ ከባዶ ቤት ይሻላታል። እውነታቸውን ነው። መሸኛው ላይ የሂሳብ ውጤቷን እኔው ጻፍኩት፤ ርዕሰ መምህሩ ማኅተም መታበት፤ አባቷም አጣጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከትተው፣ እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሄዱ።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ ሮስተሩ ከመፈረሙ በፊት ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ጠርቼ የየራሳቸውን መስመር አሳያለሁ። ከስንት እንደተፈተኑ ይነግሩኛል፣ በጣታቸው እየተከተሉ ይደምራሉ፣ አንዳንዱ ይከራከረኛል። ሁለት ቀን ይፈጃል። ጠረጴዛዬ ዙሪያ ይንጫጫሉ፤ ሥራ ላይ ነኝ ብዬ አልቆጣቸውም። የመጨረሻው ልጅ ሲወጣ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ትንሽ እቀመጣለሁ።